አዝዬው የሄድኩት ባልዲ

ካቦው በጣሳ የተጠራቀመውን ጠጠር መሬት ላይ ዘርግፎ መቁጠር ሲጀምር ነው ነገሩ የተበላሸው።

እስከዚያ ድረስ ደስ የሚል ቀን ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ነው። ፀሐይዋ ገና አልበረታችም፤ እኛ ሴቶቹ አሸዋ እየተሸከምን እንሳሳቃለን። ከአሥመራ ነው ከምጽዋ እንጃ፣ ሲሚንቶ የጫነ መኪና መጥቶ አዲስ ከረጢት አራግፎ ሄዷል። ካቦው፣ ማለቴ ጣሊያኑ የሥራ አለቃ፣ አዲሱን ከማስገባቱ በፊት አሮጌው የነበረበትን ትልቅ የጣውላ ሣጥን ሊያይ መጋዘኑ ገባ። ሣጥኑ ባዶ ነው። በእግሩ መታው፤ ድው አለ። ከዚያ የልጄን ጣሳ አነሣና ዘረገፈው።

ሃያ ስምንት ጠጠር። አንዱ ጠጠር አንድ ልውስ ነው፤ አንድ ጊዜ አሸዋ፣ ጠጠርና ሲሚንቶ ተደባልቆ በውሃ በተለወሰ ቁጥር ልጄ አንድ ጠጠር ጣሳው ውስጥ ይጥላል። እንዲህ አድርግ ያለው ካቦው ራሱ ነው።

«ሃያ ስምንት!» አለ ካቦው። አማርኛው ስብርብር ያለ ነው፤ ሲናደድ ግን ይሞላለታል። «ከረጢት አርባ መጣ። ልውስ ሃያ ስምንት። አሥራ ሁለት የት?»

ልጄ ጎንበስ ብሎ ጠጠሮቹን እንደገና ይቆጥር ጀመር።

«አሥራ ሁለት ከረጢት የት? ላድሮ!»

ያችን ቃል በዚያ ዘመን የማያውቃት የለም። ሌባ ማለት ናት። የመንግሥታቸውን ዕቃ ሰረቀ የተባለ ሰው ምን እንደሚሆን ደግሞ የሰፈር ሕፃን ያውቀዋል። ይህ ልጅ ያለኝ አንድ ነው። አባቱ ከዘመቻ አልተመለሰም። ምራቴ ወሯ ገብቷል፤ ዛሬ ነገ እያልን ነው። እኔም አሸዋ የምሸከመው ለመጪው የልጅ ልጄ መታቀፊያ ልገዛ ብዬ ነው።

ካቦው ልጄን ገፍትሮ ባዶው መጋዘን ውስጥ አስገባውና ቆለፈበት። ቁልፉን ኪሱ ከተተ። ከዚያ ወደኔ ዞረ፤ እናቱ መሆኔን ያውቃል።

«ማማ፣ ዘጠኝ ሰዓት ኢንጂነር ይመጣል» አለኝ። ድምፁ ዝቅ ብሏል። «አሥራ ሁለት የለም ካልኩ፣ ማን ወሰደ ይላል። እኔ እሱ ካላልኩ፣ እኔ ነኝ ይላል። ገባሽ?»

ገባኝ። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ ማለቴ ከሌሎቹ ጋር ሲተያይ። ሲዘፍን ይውላል፤ ምሳውን ሲበላ ለዘበኛው ያካፍላል። ያን ዕለት ግን እሱም ፈርቶ ነበር። የፈራ ሰው ደግሞ ከክፉ ይብሳል።

ቦታው አሁን ካዛንቺስ የምንለው ሰፈር ነው። ያን ጊዜ ስሙንም ገና አልለመድነውም። ጣሊያኖቹ ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ቤት ይሠሩበታል። እኛ የነበርንበት ግን ትንሽ ሥራ ነው፤ ከቤቶቹ ኋላ አንድ የልብስ ማጠቢያና አንድ የውሃ ማጠራቀሚያ። ግንበኞቹ ጥቂት፣ ሸካሚዎቹ ሴቶች፣ ካቦው አንድ፣ ዘበኛው አንድ። ልጄ ጣሊያንኛ ስለሚሞክርና መደመር መቀነስ ስለሚችል የሲሚንቶው ነገር ለሱ ተሰጠ። እንዴት ኮርቼ ነበር! የማላውቀውን ሰው ሁሉ አስቁሜ «ልጄ መጋዘን ነው የሚሠራው» እል ነበር።

ሥራው እንዲህ ነው። አንድ ልውስ ማለት አንድ ከረጢት ሲሚንቶ፣ አንድ የእጅ ጋሪ አሸዋ፣ ሁለት የእጅ ጋሪ ጠጠር ነው። ከረጢቱ ደኅና ቢሆን ምን ችግር ነበረው፤ ቀዶ ማፍሰስ ነው። የመጀመሪያው ጭነት ግን መንገድ ላይ ሲንገላታ ወረቀቱ ተቀዳዶ፣ ግማሹ ከረጢት ሆዱ ተዘርግፎ ነው የደረሰው። ካቦው አርባውንም ሣጥኑ ውስጥ ገልብጡት አለ። ከዚያ በኋላ ልጄ በባልዲ እየሰፈረ ይሰጣል፤ እኛ እየተሸከምን ለግንበኞቹ እናደርሳለን።

ግንበኞቹ ሲያሾፉብኝ ሰንብተዋል። «እመቤቴ፣ ልጅሽ እጁ ሰፊ ነው» ይሉኛል። «ልውሱ ቅቤ ሆነ፤ አካፋ ላይ ተጣብቆ አልወርድ አለን። ውሃም አልጠግብ አለ።» እኔም ደስ ብሎኝ «በእናቱ ወጥቶ ነው» እላለሁ። በምን ቸር እንደሆንን ያወቅሁት ያን ቅዳሜ ነው።

ካቦው ሲሄድ ወደ መጋዘኑ ግድግዳ ተጠጋሁ። በጣውላው ስንጥቅ የልጄ ዓይን ይታያል።

«እማ፣ አልሰረቅሁም።»

«እሱን ለኔ ትነግረኛለህ? ስንት ስንት እየሰጠህ ነበር?»

«እንደተባልኩት ነው። ለአንድ ልውስ አንድ ከረጢት። ከረጢቱ ላይ ሃምሳ ኪሎ ይላል። ባልዲው አሥር ኪሎ ነው። አምስት ባልዲ ሰጠሁ። አንድም ቀን አላበዛሁም፤ አንድም ቀን አላጎደልኩም።»

«ባልዲው አሥር ኪሎ ነው ያለህ ማነው?»

«ካቦው ነዋ። መጀመሪያ ዕለት ውሃ ቀድቼ ሳመጣለት፣ ባልዲውን እያሳየ አሥር ኪሎ አለኝ።»

«ውሃ?»

«አዎ ውሃ።»

ሂሳብ አላውቅም። ትምህርቴ የቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን የኔታ ጋ ፊደል ቆጥሬ ዳዊት ሳልደርስ ያበቃ ነው። ግን በዚያ ባልዲ አንድ ቀን ውሃ፣ አንድ ቀን ሲሚንቶ የምሸከመው እኔ ነኝ። በውሃው ቀን እዘፍናለሁ፤ በሲሚንቶው ቀን ቤቴ ስገባ ወገቤን ምራቴ ነች የምታሽልኝ።

«ልጄ» አልኩት፤ «የውሃ ባልዲና የሲሚንቶ ባልዲ ለኔ ወገብ አንድ አይደሉም።»

ከዚያ «እማ!» አለ። «እማ፣ ቢመዘንስ?»

«ሚዛን የት አለ?»

«ሐጂ ጋ!»

ሐጂ ጎረቤታችን ናቸው። ቂርቆስ ታች፣ ከቤታችን ፊት ለፊት እህል ይነግዳሉ። ከወሎ ከመጡ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። ንግድ በኪሎ ይሁን ከተባለ ወዲህ ከጣራው እንጨት ላይ ትልቅ ሚዛን ሰቅለዋል፤ የብረት ክብደቶችም አሏቸው። ሲሚንቶውን እሳቸው ጋ ማድረስ ነው እንግዲህ። ካቦውን ላስፈቅድ ሄድኩ። «ሲኞር፣ ትንሽ ሲሚንቶ ወስጄ ላስመዝን» ስለው እጁን አወናጨፈብኝ። «ሂጂ ማማ! ሌላ ሲሚንቶ ደግሞ ይውጣ?»

እውነቱን ነው። ልጄ ሲሚንቶ እንዳልሰረቀ ለማሳየት እኔ ሲሚንቶ መስረቅ ነበረብኝ።

አብራኝ አሸዋ የምትሸከም አንዲት ጎረቤት አለችኝ። ባሏ የሞተባት ናት፤ ቀልድ ግን አልሞተባትም። ነገሩን በጆሮዋ ነገርኳትና በፍርሃት አለቅሳለሁ። እሷ ሳቅ ይዟታል።

«ምን ያስቅሻል አንቺ?»

«እዘይው» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ባልዲውን ነዋ! የልጅ ልጅ እየጠበቅሽ አይደለም? ቀደም ብሎ መጣ በይ።»

አዲሱ ጭነት ላይ አንድ የተቀደደ ከረጢት ነበር። ከሱ በጎድጓዳ ሣህን እየዘገነች ባልዲውን አፉ ድረስ ሞላችው፤ በእንጨት ልጋ አስተካከለችው። አፉን በጨርቅ አሰረች። ከዚያ ነጠላዬን አውልቃ ባልዲውን እንደ ሕፃን ጠቅልላ ጀርባዬ ላይ አዘለችልኝ። ክብደቱ ወደ ኋላ ጎተተኝ።

«ወይ ጉድ፣ ይሄ ልጅ ምን በልቶ ነው?» አልኩ።

«ጣሊያን ነው የቀለበው» አለችኝ። «ሂጂ አሁን። እኔ እየመታሁ እሸኝሻለሁ።»

በር ላይ ዘበኛው ጠመንጃውን ተደግፎ ቆሟል፤ የኛው አገር ሰው ነው። ጎረቤቴ ከኋላዬ የባልዲውን ጀርባ ቸብ ቸብ እያደረገች «እሹሩሩ፣ እሹሩሩ» ትላለች። ቸብ ባደረገች ቁጥር ከጨርቁ ውስጥ ነጭ አቧራ ቡን ይላል።

«የማን ልጅ ነው?» አለ ዘበኛው።

«የሷ የልጅ ልጅ ነው። ታሞ ነው» አለች ጎረቤቴ።

«መቼ መጣ? ሲገባ አላየሁትም።»

«አንተ መቼ ነቅተህ ታያለህ?»

ዘበኛው አፈረና ዓይኑን መለሰ። ወጣን። ጥቂት እንደሄድን እሷ ወደ ሥራዋ ተመለሰች፤ እኔ ቁልቁለቱን ያዝኩት።

ያንን መንገድ ስወርድ አሥሬ ወደ ኋላ እየዞርኩ ነው። ሁለት ወታደሮች መጡ፤ አለፉ። አንዲት ሴትዮ ቆማ «እግዚአብሔር ያሳድገው» አለችኝ። «አሜን» አልኩ፤ ምን ልበል? ባልዲው በየእርምጃው ይናጣል፤ ማንጠልጠያው ቋ ቋ ይላል። ፍርሃቴ እንደዚያ ሆኖ ሳለ አንድ ጊዜ ሳቄ መጣብኝ። ባዶ መንገድ ላይ ብቻዬን ሳቅሁ።

ሐጂ ሱቃቸው ደጃፍ ተቀምጠው ነበር። ገና ሲያዩኝ ተነሡ።

«አንቺ እህቴ! ምራትሽ ወለደች?»

«አልወለደችም ሐጂ።»

«ታዲያ ይሄ የማነው? በዚህ ዕድሜሽ?»

«አይሳቁብኝ ሐጂ፣ ልጄ ሊታሰርብኝ ነው» ብዬ ፈታሁት። ባልዲውን አስቀምጬ ጨርቁን ስገልጥ ግን አፌን ያዝኩ። አፉ ድረስ የሞላው ሲሚንቶ ወደ ታች ወርዷል።

«ፈሰሰብኝ! ወይኔ ፈሰሰብኝ!»

ሐጂ ነጠላዬን አይተው፣ መሬቱን አይተው፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አልፈሰሰም። ተቀመጠ እንጂ። ጤፍ በአህያ ተጭኖ ሲመጣ ከአፉ ጎድሎ አይደርስም? ሲናጥ ይጠቀጠቃል። ክብደቱ አንድ ነው። አምጪው።»

ነገሩን ሁሉ እየነገርኳቸው ባልዲውን ሚዛኑ ላይ ሰቀሉ። ብረቱን አንድ ባንድ በወዲያ በኩል አስቀመጡ። ከዚያ ሲሚንቶውን ንጹሕ ጆንያ ላይ አፍስሰው ባዶውን ባልዲ ለብቻው መዘኑና ቀነሱት።

«የሲሚንቶው ብቻ አሥራ ሦስት ኪሎ» አሉ።

ባልዲውን አራግፈው ውሃ ሞሉበትና እንደዚያው መዘኑ። የውሃው ብቻ፣ አሥር።

ተያየን። ሐጂ ግንባራቸውን በመዳፋቸው መታ አደረጉ። «አንቺ፣ እኛ ሁለታችን እህል ስንሰፍር ነው ያረጀነው። አንድ ቁና ጤፍና አንድ ቁና አጃ እኩል ይከብዳል?»

«በየት አገር!»

«ታዲያ ሲሚንቶና ውሃ እንዴት እኩል ይሁን?»

እንዲህ ነው። ኪሎ አዲስ ነገር ስለሆነብን እንደ ቁና ያለ ሌላ መስፈሪያ መስሎን ነበር። ባልዲው አሥር ኪሎ ከተባለ፣ ምንም ይግባበት ምን አሥር ኪሎ ነው ብለን። ለካ ኪሎ የሚሉት የሚገባውን ነገር ነው እንጂ ባልዲውን አይደለም። ልጄ አምስት ባልዲ በሰጠ ቁጥር አንድ ከረጢትና የሌላ ከረጢት ቁራጭ አብሮ እየሄደ ነበር። ልውሱ ቅቤ የሆነው ለዚህ ነው።

«ሐጂ፣ ይምጡልኝ» አልኩ። «እኔ ብነግረው አይሰማኝም።»

ሱቃቸውን ዘግተው፣ ሚዛኑን ከነብረቱ ልጃቸው አህያ ላይ ጭኖላቸው መጡ። ባልዲው ደርቆ ሲሚንቶው ተመልሶበታል። አላስነካም ብዬ እኔው አዘልኩት። ምን እንደሆንኩ እንጃ፣ በቃ ከጀርባዬ ካወረድኩት ልጄ የሚጠፋ መሰለኝ።

በሩ ላይ ዘበኛው አስቆመን። «ልጁ ተሻለው?» ብሎ በጣቱ ነካው። ቋ! አለ። ዘበኛው ጣቱን አየ፤ እኔን አየ። ነጠላዬን ገለጥ አድርጎ ነጩን ዱቄት አየ። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«አንቺ ሴትዮ» አለ ቀስ ብሎ፤ «እኔ የሚያወጣ ያዝ ነው የተባልኩት። የሚያስገባ ያዝ ያለኝ የለም። እለፊ።»

ካቦው ገና ከሩቅ ሲያየኝ ገባው። «ላድራ! እናትም!» ብሎ ጮኸ። ሥራው ቆመ፤ ግንበኞቹም ሴቶቹም ተሰበሰቡ። ሐጂ ሚዛኑን ከመወጣጫው እንጨት ላይ ሰቀሉ፤ ባልዲውን አንጠለጠሉ፤ ብረቱን ደረደሩ። ሰውየው ለመጮህ አፉን እንደከፈተ ዓይኑ ብረቱን ይቆጥር ጀመር። ባዶ ባልዲ መዘኑለት። ውሃ ቀድተው መዘኑለት። አፉ ቀስ ብሎ ተዘጋ።

«አሥራ ሦስት» አለ ለራሱ። ከዚያ ወደ መጋዘኑ ሮጦ በስንጥቁ ጮኸ፤ «አንተ! አሥር ኪሎ ማን አለ?»

«እርስዎ ነዎት ሲኞር!» አለ ልጄ ከውስጥ።

«ለውሃ! እኔ ለውሃ አልኩ!»

«አዎ ለውሃ ነው ያሉት። እኔ ለሁሉም መሰለኝ!»

ካቦው ኮፍያውን አውልቆ ፀጉሩን ነጨ። ከዚያ ደኅና የሆነ አንድ ከረጢት እንዲመጣለት አዘዘ። ያልተነካ፣ ሃምሳ ኪሎ። በቢላዋ ቀደደና ባልዲ እየሞላ፣ በጣውላ እየላገ፣ አንድ ዘርጋ ያለ ሸራ ላይ መገልበጥ ጀመረ። አንድ። ሁለት። ሦስት። አራተኛውን ከአፉ ሁለት ሦስት ጣት ሲቀረው ከረጢቱ አለቀ።

«አምስት አይደለም!» ብላ ጎረቤቴ እልል አለች። ሴቶቹ ተከተሏት። እኔም ልከተል አፌን ስከፍት የካቦውን ፊት አየሁ። አልሳቀም። ከሰል አንሥቶ ጮክ ብሎ እየቆጠረ ግድግዳው ላይ ይጽፋል። ሃያ ስምንት ልውስ በአምስት ባልዲ፣ መቶ አርባ ባልዲ። ለአራት ትንሽ ሲቀረው አካፍሎ ከሥሩ አሰመረበት።

«ሠላሳ ሰባት» አለ። «ጥሩ። ግን አርባ ነው የመጣው። ሦስት ከረጢት አሁንም የለም።»

እልልታው ተቋረጠ። ፀሐይዋ አናታችን ላይ አልፋለች፤ ዘጠኝ ሰዓት ሩቅ አይደለም። አሥራ ሁለት የሰረቀም ሦስት የሰረቀም ስሙ ያው ሌባ ነው። ሐጂ ጢማቸውን ይዘው ሚዛናቸውን ያያሉ። እኔ ባልዲውን አያለሁ። አየሁት አየሁት፣ አንድ ነገር ጎደለብኝ። ድምፅ ነው የጎደለው።

«አልመታኸውም!» አልኩ።

ካቦው ዞረ። «ምን?»

«ባልዲውን አልመታኸውም ሲኞር! ልጄ ሲሰፍር ይመታዋል!»

የኛን ሰፈር ገበያ ለማያውቅ ሰው ይህ አይገባውም። እህል ሲሰፈር ሻጭ ዝም ብሎ ይሞላል፤ ገዢ ደግሞ «ነቅንቀው!» ይላል። ሲነቀነቅ ይወርዳል፤ ትንሽ ይጨመራል። ጠቡ ሁሉ እዚያ ላይ ነው። እኔ ልጄን ገና በእግሩ መሄድ ከጀመረ አንሥቶ ገበያ ሽሮ ስሸጥ «ሳትጠየቅ ነቅንቀህ ስጥ፣ ሰው እንዳያዝንብህ» እያልኩ ነው ያሳደግሁት። እሱም የጣሊያንን ሲሚንቶ እንደ እናቱ ሽሮ፣ ሁለት ጊዜ መሬት ላይ ዷ ዷ አድርጎ፣ እንደገና ሞልቶ፣ ልጎ ነው የሚሰጠው። ያንን ዷ ዷ ስሰማ ነው የምውለው።

«እውነት ነው?» ብሎ ካቦው በስንጥቁ ጠየቀ።

«ሁልጊዜ ሁለት ጊዜ እመታዋለሁ» አለ ልጄ። «እማ ናት ያስተማረችኝ።»

ሐጂ ሳቃቸው ፈነዳ። «በአላህ! ሲሚንቶም ይነቀነቃል!»

ካቦው ሸራው ላይ የፈሰሰውን መልሶ ባልዲ ሞላ። «ማማ፣ አንቺ ምቺ» አለኝ። ባልዲውን በሁለት እጄ አንሥቼ መታሁት። ዷ! ወረደ። ዷ! ሌላ ትንሽ ወረደ። ጨመረበት፤ ላገው። አንድ። እኔ እመታለሁ፣ እሱ ይጨምራል፣ ሰዉ ይቆጥራል። ሁለት! ሦስት! ሦስተኛው ከተላገ በኋላ ሸራው ላይ የቀረው ተጠርጎ ሲገባና ሲመታ የባልዲው ወገብ ላይ ቆመ። ሦስት ባልዲ ተኩል።

ካቦው ወደ ግድግዳው ሄደ። መቶ አርባን ለሦስት ተኩል ሲያካፍል ከሰሉ እየተሰበረበት ነው። ምን እንደጻፈ ማንበብ አልችልም። ጀርባውን ነው ያየሁት። ትከሻው ወረደ፤ ከዚያ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሲዞር ፊቱ በዱቄቱ ነጭ ሆኖ ጥርሱ ብቻ ይታያል።

«አርባ!» አለ። «ማዶና! አርባ! አንድም የለም የጎደለ!»

ባልዲውን አንሥቶ ሳመው። ከንፈሩ ሲሚንቶ ሆነ። ሐጂን ሊስም ሲል ሐጂ ሸሹት፤ አህያዋ ጮኸች፤ ሴቶቹ እልልታቸውን አቀለጡት። ቁልፉን ከኪሱ ሲያወጣ ሁለት ጊዜ ጣለው። እኔ ነኝ ያነሣሁለት።

ልጄ ሲወጣ ፀሐይዋ ዓይኑን ወጋችውና አቀረቀረ። አቀፍኩት። ዱቄት ስለነበርኩ እሱም ነጭ ሆነ።

«ሌላ ጊዜ» አልኩት ጆሮው ላይ፤ «ለጣሊያን አትነቅንቅ።»

ኢንጂነሩ ሲመጣ እኛ ገና መሬቱን እየጠረግን ነው። ካቦው ባልዲውንም፣ ሚዛኑንም፣ ግድግዳው ላይ የጻፈውንም እያሳየ እጁን እያወናጨፈ አስረዳው። ኢንጂነሩ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። ሳቀም አልሳቀም፣ በደንብ አይታይም ነበር። ከዚያ የማጠራቀሚያውን ግድግዳ በመዶሻ መታ መታ አደረገ። ጠንካራ ድምፅ ሰጠ። ኢንጂነሩ ያለውን ልጄ ተረጎመልን፦

«ሲሚንቶ የበዛበት አርማታ ይጠነክራል፤ ግን ቶሎ ከደረቀ ጸጉር የመሰለ ስንጥቅ ያወጣል። ጆንያ ይልበስና ውሃ ይጠጣ፤ ፀሐይ እንዳያደርቀው ብሏል።»

«ውሃውን ማን ሊቀዳ?» አለች ጎረቤቴ።

«እናንተ።»

«ይኸው! ልጅሽ ቸር ሲሆን ወገቡ የኛ!» አለችኝ። ሳቅን። ያን ዕለትና ከዚያ በኋላም ስንት ባልዲ ውሃ እንደቀዳን፣ እየዘፈንን ነው የቀዳነው።

ካቦው ከዚያ ወዲያ በባልዲ መቁጠር ተወ። አናጢ ጠርቶ ታች የሌለው የጣውላ ሣጥን አሠራ፤ ልኩ ሦስት ባልዲ ተኩል፣ ተመትቶ። ሁለት ጊዜ አሸዋ ሲሞላበት አንድ የእጅ ጋሪ ይሆናል፤ ጋሪው ሰባት ባልዲ ስለሚይዝ። አንድ ሣጥን ሲሚንቶ፣ ሁለት ሣጥን አሸዋ፣ አራት ሣጥን ጠጠር። ከዚያ በኋላ እዚያ ሥራ ላይ ኪሎ ያለ ሰው አልሰማሁም።

ያን ዕለት ግን ቅዳሜ ነው፤ ሥራ አልቋል። ሐጂ ሚዛናቸውን አስጭነው ከፊት፣ እኔና ልጄ ከኋላ፣ ጎረቤቴ ከኋላችን እየለፈለፈች ወደ ቂርቆስ ወረድን። በሩ ላይ ዘበኛው «ልጁን የት ጣልሽው?» አለኝ። «ይኸው፣ አደገ» ብዬ ልጄን አሳየሁት።

ምራቴ ሆዷን ይዛ ደጃፍ ላይ ቆማ ትጠብቀን ነበር። ምንም አልሰማችም። ሁለታችንን ነጭ ሆነን ስታይ «ምን ሆናችሁ?» አለች።

«ምንም» አልኳት። «ተመዝነን መጣን።»

ገባን። በሩን ዘጋሁ። ልጄ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጦ ጫማውን ሲያወልቅ ቆሜ አየሁት። አንድ ጫማ፣ ሌላው ጫማ። ልጄ ቤቱ ነው። እኔም ቤቴ ነኝ። ድነናል።